በራሱ የሚነሣ ጄኔሬተርን ከፀሐይ ኃይል ሥርዓት ጋር ማጣመር፦ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሲወጣ የሚለወጠው የባትሪ መሙያ ልክ

ጨንቻ ከአርባ ምንጭ ያላት ርቀት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የከፍታ ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ የጨንቻ ከፍታ ወደ 2,700 ሜትር ይደርሳል። አባያና ጫሞ ሐይቆች ዳር ያለ እንከን የሚሠራ የናፍጣ ጄኔሬተር ተጭኖ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ የሚያስነሣውም ኢንቨርተር ቀድሞ የተሞላለትን ቁጥር ሳይለውጥ አብሮ ሲወጣ፣ ብዙ ጊዜ የሚታየው ችግር አንድ ዓይነት ነው። ጄኔሬተሩ በራሱ ይነሣል። ኢንቨርተሩ ይቀበለውና ባትሪ መሙላት ይጀምራል። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ኢንቨርተሩም ይለቀዋል። ጭነቱ የወረደለት ሞተር ወዲያው ነፍስ ይዘራል፤ ኢንቨርተሩ እንደገና ይይዘዋል፤ እንደገናም ይለቀዋል። ይህ እስኪነጋ ሊቀጥል ይችላል። ናፍጣው ያልቃል፣ ባትሪው ግን አይሞላም።

ተገልጋዮች ይህን ሲያዩ ጄኔሬተሩ ተበላሽቷል ወይም ኢንቨርተሩ ጥራት የለውም ብለው ይደመድማሉ። በአብዛኛው ሁለቱም ደኅና ናቸው። ስሕተቱ ያለው ኢንቨርተሩ ከጄኔሬተሩ እንዲስብ በተፈቀደለት የመሙያ መጠን ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ጤና ጣቢያን፣ ትምህርት ቤትን ወይም መኖሪያን በራሱ በሚነሣ ጄኔሬተር ለማጠናከር ለሚያስቡ ተገልጋዮች፣ ቁጥሮቹ እንዴት እንደሚወሰኑ ያብራራል።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ከዋናው መስመር የራቁ አካባቢዎችን በፀሐይና በመሳሰሉት አማራጮች የመድረስ ድርሻ አስቀምጧል። እንዲህ ያለ ሥርዓት በሦስት ነገሮች ላይ ይቆማል፦ ኃይል በሚያመነጩት ፓነሎች፣ ኃይሉን በሚያከማቸው ባትሪ እና በባትሪው ያለውን ወደ 220 ቮልት በሚለውጠው ኢንቨርተር። ጄኔሬተሩ አራተኛ ሆኖ ሲጨመር ሥርዓቱ ድቅል ይባላል። ጄኔሬተሩ ዕለት ዕለት እንዲሠራ አይጠበቅም፤ ሥራው ደመናና ጭጋግ የሸፈነውን ቀን ማካካስ ነው። በጋሞ ደጋዎች እንዲህ ያሉ ቀናት በበልጉም ሆነ በመኸሩ ዝናብ ወቅት ተከታትለው ይመጣሉ።

ለማሳያነት የተወሰደ ጤና ጣቢያ

ስሌቱን በተጨባጭ ለማሳየት በጨንቻ ከፍታ ላይ የሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ በምሳሌነት እንውሰድ። የክትባት ማቀዝቀዣ፣ የማዋለጃ ክፍል መብራት፣ ጥቂት የላቦራቶሪ መሣሪያዎችና ኮምፒውተር አለው። ባትሪው 48 ቮልት፣ 200 አምፔር-ሰዓት የሆነ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ሲሆን በአጠቃላይ 10 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ይይዛል። በሌሊት የሚፈጀው በአማካይ 450 ዋት ነው፤ ኢንቨርተሩ ለራሱ የሚወስደውም በዚሁ ውስጥ ተቆጥሯል።

ባትሪው ሞልቶ ቢመሽ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ባሉት 13 ሰዓታት 6 ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ይወጣል፤ ጠዋት ከ40 በመቶ በላይ ይተርፋል። በዚህ ሌሊት ጄኔሬተር አያስፈልግም። ቀኑ ደመናማ ሆኖ ባትሪው በ60 በመቶ ቢመሽስ? ኢንቨርተሩ ባትሪውን ለመጠበቅ በ20 በመቶ ላይ የሚዘጋ ከሆነ ያለው መጠባበቂያ 4 ኪሎዋት-ሰዓት ብቻ ነው፤ ይህም ከ9 ሰዓታት በላይ አያስኬድም። መብራቱ የሚጠፋው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ወላጅ እናት አልጋ ላይ ልትኖር ትችላለች። ክትባቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መጠን ውስጥ መቆየት አለበት።

ጤና ጣቢያው ለዚህ ያዘጋጀው ባለአንድ ፌዝ የናፍጣ ጄኔሬተር ነው፤ በሰሌዳው ላይ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል 5 ኪሎዋት ተብሎ ተጽፏል። ይህን ቁጥር እንደወረደ መውሰድ ከላይ ለተገለጸው ችግር ይዳርጋል።

ከሰሌዳው ቁጥር ወደ እውነተኛው ቁጥር

ሞተር ናፍጣን የሚያቃጥለው በአየር ነው። ከፍታው በጨመረ መጠን አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ ከኃይሉ አንድ በመቶ ያህል ያጣል ተብሎ ይሰላል። ትክክለኛው ልክ በአምራቹ መመሪያ ላይ ይገኛል፤ መመሪያ ከሌለ ግን ይህ የልምድ ስሌት ለጥንቃቄ ይበቃል። በዚህ መሠረት 5 ኪሎዋት የተባለው ጄኔሬተር አርባ ምንጭ ላይ 4.3፣ ጨንቻ ላይ 3.6 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል። (በአርባ ምንጭ የቀኑ ሙቀትም የራሱን ይቀንሳል፤ ሞተሩ በጠባብና አየር በማይገባው ቤት ከተቀመጠ ደግሞ ይብሳል።)

ሞተርን ለሰዓታት በአቅሙ ጫፍ ማሠራት አይመከርም። ከ3.6 ኪሎዋት 80 በመቶው፣ ማለትም 2.9 ኪሎዋት፣ የዚህ ጄኔሬተር የሥራ ጣሪያ ተደርጎ ይወሰዳል። ጄኔሬተሩ በሚሠራበት ጊዜ የጤና ጣቢያው ፍጆታ በቀጥታ ከእርሱ ያልፋል፤ ከባትሪ አይወጣም። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ፍጆታው 900 ዋት ይደርሳል እንበል። ለባትሪ መሙያ የሚቀረው 2 ኪሎዋት ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛው በለውጡ ሂደት ሙቀት ሆኖ ስለሚጠፋ ባትሪው ዘንድ የሚደርሰው 1.8 ኪሎዋት ይሆናል። ባትሪው በመሞላት ላይ ሳለ ቮልቴጁ 53 አካባቢ ነው፤ 1,800 ዋትን ለ53 ማካፈል 34 አምፔር ይሰጣል። የብዙ ኢንቨርተሮች መቼት በአሥር በአሥር ስለሚሄድ የሚመረጠው 30 አምፔር ነው።

አሁን ኢንቨርተሩ ከከተማ በ60 አምፔር ተሞልቶ መጥቷል እንበል። 60 አምፔር በ53 ቮልት 3.2 ኪሎዋት ነው፤ የሚባክነው ሲጨመርበት ከጄኔሬተሩ 3.5 ኪሎዋት ይጠይቃል፤ የጤና ጣቢያው 900 ዋት ሲታከልበት 4.4 ይደርሳል። አርባ ምንጭ ላይ ይህ ሞተሩን ከአቅሙ ጥቂት አሳልፎ የሚያስጨንቅ ጭነት ነው፤ ፍጆታው ዝቅ ባለበት ሰዓት ግን ስለሚወጣው ስሕተቱ ተደብቆ ይኖራል። ጨንቻ ላይ ግን ከሞተሩ ሙሉ አቅም በ800 ዋት ይበልጣል። የሞተሩ ዙር ይወርዳል፣ ከዙሩ ጋር ፍሪኩዌንሲው ከ50 ኸርዝ ያሽቆለቁላል፣ ኢንቨርተሩም ጥራቱን ያልጠበቀ ኃይል አልቀበልም ብሎ ይለቃል። በመግቢያው የተገለጸው መነሣትና መልቀቅ ከዚህ የመነጨ ነው።

ይህ መቼት በመሣሪያው ላይ የት እንደሚገኝ ማወቅ ያስፈልጋል። በቁጥር የሚመሩ መቼቶች ባሏቸው ብዙ የ48 ቮልት ኢንቨርተሮች 02 የሚለው ከፀሐይም ከጄኔሬተርም የሚመጣው ድምር የመሙያ መጠን ነው፤ 11 የሚለው ደግሞ ከውጭ መስመር ወይም ከጄኔሬተር ብቻ የሚወሰደው ነው። 30 ሆኖ መሞላት ያለበት 11 ነው። 02ን መቀነስ ጄኔሬተሩን ቢያሳርፍም በፀሐያማ ቀን ፓነሎቹ የሚሰጡትን ኃይል ያባክናል። ቁጥሮቹ በየአምራቹ ሊለያዩ ስለሚችሉ ከመሣሪያው መመሪያ ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

ሌሎች ኢንቨርተሮች የመሙያውን መጠን ብቻ ሳይሆን ከጄኔሬተሩ የሚወሰደውን ጠቅላላ ኃይል የሚገድብ መቼት አላቸው። ይህ ሲገኝ የተሻለ ነው። በምሳሌው ጤና ጣቢያ ገደቡ 2.9 ኪሎዋትን ለ220 ቮልት በማካፈል 13 አምፔር ይሆናል። የሕክምና ዕቃ መቀቀያው ሲበራ ኢንቨርተሩ የባትሪውን ድርሻ በራሱ ይቀንሳል፣ ሲጠፋ መልሶ ያሳድጋል። እንዲህ ያለ ገደብ በሌለበት፣ ጄኔሬተሩ ባትሪ በሚሞላበት ሰዓት መቀቀያውን የመሰለ ከባድ ዕቃ እንዳይበራ ለሠራተኞች በግልጽ መነገር አለበት።

ኢንቨርተሩ ሲለቅ ብዙ ሠራተኞች የሚወስዱት አቋራጭ 03 የሚለውን መቼት ከ UPS ወደ APL መለወጥ ነው። APL ሰፊ የቮልቴጅ መጠን ይቀበላል፤ የተጨነቀውን ጄኔሬተር ሳይለቅ ይቆያል። ነገር ግን ያንኑ የወረደ ቮልቴጅ ለማቀዝቀዣውም ያሳልፋል፤ የማቀዝቀዣ ሞተር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው በወረደ ቮልቴጅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የመሙያው አምፔር ይቀነስ። ከዚያ በኋላም ኢንቨርተሩ ጄኔሬተሩን ካልተቀበለ ብቻ ወደ APL መሄድ ተገቢ ይሆናል።

ጄኔሬተሩ መቼ ይነሣ?

ኢንቨርተሩ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በኩል ነው። በውስጡ ያለ ትንሽ ሪሌይ ሲዘጋ ተነሣ፣ ሲከፈት ቁም የሚል ምልክት ይሰጣል። ሪሌዩ ምልክት ብቻ ያስተላልፋል፤ ሞተሪኖውን አያዞርም፣ የናፍጣውን ቫልቭም አይከፍትም። ያንን የሚያደርገው በጄኔሬተሩ ላይ ያለ መቆጣጠሪያ ነው፤ ማብሪያውም AUTO ላይ መሆን ይኖርበታል። በቁልፍ ብቻ የሚነሣ ጄኔሬተር መቆጣጠሪያ ካልተጨመረለት ለዚህ ሥራ አይሆንም። በገመድ ተስቦ የሚነሣው ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ከመግዛት በፊት ሻጩን መጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ ጄኔሬተሩ ከውጭ በሁለት ሽቦ የመነሣት አቅም እንዳለው ነው።

ሪሌዩ የሚዘጋበት ልክ ሲወሰን ብዙዎች ባትሪው እስኪያልቅ መጠበቅ ናፍጣ ይቆጥባል ብለው ያስባሉ። ልኩ ግን መለካት ያለበት ጄኔሬተሩ ሳይነሣ በሚቀርበት ሌሊት ነው። በምሳሌው ጤና ጣቢያ ሥርዓቱ በ20 በመቶ ይዘጋል። ማስነሻው 25 በመቶ ቢሆን በመካከል ያለው ግማሽ ኪሎዋት-ሰዓት አንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ የሚል ጊዜ ብቻ ይሰጣል። 35 በመቶ ቢሆን ልዩነቱ 1.5 ኪሎዋት-ሰዓት፣ ጊዜውም ከሦስት ሰዓታት በላይ ነው። ጥበቃው ነቅቶ፣ ናፍጣ ጎድሎ ከሆነ ሞልቶ፣ ካልሆነም ባለሙያ ጠርቶ ማስነሣት የሚችለው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ 35 በመቶ ተመርጧል።

በመቶኛ መጠቀም የሚቻለው ግን ኢንቨርተሩና የሊቲየም ባትሪው በመረጃ ገመድ ከተገናኙ ነው። ገመዱ ሳይገጠም ሥርዓቱ ያለ ችግር የሚሠራ ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ያኔ ኢንቨርተሩ የባትሪውን መጠን የሚገምተው በቮልቴጅ ነው፤ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ቮልቴጅ ደግሞ በ30 እና በ70 በመቶ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ቮልት ብዙም አይበልጥም። የመቀቀያ መብራትና መጥፋት ብቻውን ያን ያህል ሊያወዛውዘው ይችላል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ጄኔሬተሩ አንድ ቀን በ60 በመቶ፣ ሌላ ቀን በ15 በመቶ ቢነሣ የሚገርም አይሆንም።

የሊድ አሲድ ባትሪ ያላቸው ተገልጋዮች በቮልቴጅ መሥራት ይችላሉ፤ ይሁንና ሁለት ነገር ማወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ ይህ ባትሪ ከግማሽ በታች በተደጋጋሚ ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር ማስነሻው ከ50 በመቶ በታች ሊሆን አይገባም። ሁለተኛ፣ ከባድ ዕቃ በሚበራበት ቅጽበት ቮልቴጁ ወርዶ ይመለሳል። መቼቱ መዘግየት የሚቀበል ከሆነ፣ ቮልቴጁ ለጥቂት ደቂቃዎች ዝቅ ብሎ ካልቆየ በቀር ጄኔሬተሩ እንዳይነሣ ማዘዝ ያለምክንያት መነሣትን ያስቀራል። በቁጥር በሚመሩት ኢንቨርተሮች ማስነሻው በ12፣ ማቆሚያው በ13 ይሞላል፤ ይህም 01 በ SBU ላይ ሲሆን ነው።

መቼስ ይቁም?

ባትሪው መቶ በመቶ እስኪሞላ ጄኔሬተሩን ማሠራት አይመከርም፤ ምክንያቱ እንደ ባትሪው ዓይነት ይለያያል። የሊድ አሲድ ባትሪ 80 በመቶ ገደማ ከሞላ በኋላ የሚቀበለው አምፔር እያነሰ ይሄዳል፤ የመጨረሻው አንድ አምስተኛ ብቻ በርካታ ሰዓታት ይፈጃል። በእነዚያ ሰዓታት ትልቁ ሞተር ለትንሽ ሥራ ይሽከረከራል። ከአቅሙ አንድ ሦስተኛ በታች ለረጅም ጊዜ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ነዳጁን አጥርቶ አያቃጥልም፤ ያልተቃጠለ ናፍጣና ጥላሸት በማርሚታው ይጠራቀማል። በጭስ ማውጫው መጋጠሚያ የሚንጠባጠብ ጥቁር ቅባት የዚህ ምልክት ነው። የሊቲየም ባትሪ እስከ መጨረሻው አካባቢ ድረስ ሙሉውን አምፔር ስለሚቀበል ይህ ችግር የለበትም። ሆኖም ሌሊቱን በናፍጣ የሞላ ባትሪ ጠዋት ለሚወጣው ፀሐይ ቦታ አይኖረውም።

በዚህ ስሌት ማቆሚያው 80 በመቶ ሆኗል። ከ35 ወደ 80 በመቶ ለመድረስ 90 አምፔር-ሰዓት ያስፈልጋል፤ በ30 አምፔር ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ባትሪው በ60 በመቶ በመሸበት ሌሊት ጄኔሬተሩ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ይነሣል፤ 9 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረውም ይቆማል። ሲነጋ ባትሪው 60 በመቶ አካባቢ ሆኖ ፀሐይን ይጠብቃል።

በቁጥር ረገድ ይህ ጥሩ ውጤት ነው። በማዋለጃ ክፍል ጎን በእኩለ ሌሊት ሦስት ሰዓት የሚያጓራ ሞተር ግን ማንም አይወድም፤ ለጠባቂውም ችግር ቢፈጠር የከፋው ሰዓት ነው። ኢንቨርተሩ የሰዓት መቼት ካለው የተሻለ መንገድ አለ። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ባትሪው ከ65 በመቶ በታች ከሆነ ጄኔሬተሩ እንዲነሣና በ90 በመቶ እንዲቆም ይታዘዛል። ከ60 ወደ 90 በመቶ መሙላት ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይቆማል። ቀሪዎቹ 11 ሰዓታት 5 ኪሎዋት-ሰዓት ቢወስዱ ባትሪው ጠዋት ከ40 በመቶ በላይ ነው፤ ሌሊቱም ያለ ሞተር ድምፅ ያልፋል። የ35 በመቶው ማስነሻ እንደ መጠባበቂያ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ይቆያል። ማቆሚያው እዚህ ላይ ከ80 ወደ 90 ከፍ ያለው ከፊት ያለው ሌሊት እንጂ ፀሐይ ስላልሆነ ነው።

ባትሪው ለሳምንታት ሳይሞላ ከቆየ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። የሊድ አሲድ ባትሪ ሰሌዳዎች በሰልፌት ይሸፈናሉ። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ በውስጡ ያለው ቆጣሪ የሚስተካከለው ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ስለሆነ፣ ሳይሞላ በቆየ ቁጥር የሚያሳየው መቶኛ ከእውነቱ ይርቃል። ስለዚህ በደመናማው ወቅት ቢያንስ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ባትሪው እስከ ጫፉ ይሞላ። ለዚህም ጥቂት ፀሐይ ያለበትን ቀን መምረጥ ጥሩ ነው፤ ጄኔሬተሩ ጠዋት አብዛኛውን ይሞላል፣ ፀሐይ ቀሪውን ትጨርሳለች።

መስመሩ ሲዘረጋ

የጄኔሬተሩ መስመር የሚገባው በኢንቨርተሩ የኤሌክትሪክ መግቢያ በኩል ብቻ ነው። በኢንቨርተሩ መውጫ በኩል ወይም በቤቱ ውስጥ ባለ ሶኬት ማስገባት ኢንቨርተሩን በቅጽበት ያቃጥለዋል። ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መስመር ያላቸው ተቋማትና መኖሪያ ቤቶች ባለአንድ መግቢያ ኢንቨርተር ከተጠቀሙ፣ ከመግቢያው በፊት ሁለቱ ምንጮች በፍጹም በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ በሜካኒካል መቆለፊያ የሚከለክል መቀያየሪያ ይገጠማል። መቀያየሪያው ከሌለ የጄኔሬተሩ ኃይል ወደ ጠፋው መስመር ሊመለስ ይችላል፤ ምሰሶ ላይ ጥገና የሚሠራ ሠራተኛም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የፀሐይን ትርፍ ወደ መስመር የሚመልስ መቼትም ጄኔሬተር በሚገናኝበት መግቢያ ላይ መዘጋት አለበት፤ ጄኔሬተር ኃይል ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። ይህን ሥራ፣ የኒውትራልና የመሬት መስመሩን ግንኙነት ጨምሮ፣ የብቃት ማረጋገጫ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሊሠራው ይገባል።

ጄኔሬተሩ ከመስኮትና ከበር ርቆ በውጭ ይቀመጣል። ጭሱ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዟል፤ በራሱ የሚነሣ ሞተር ደግሞ ሁሉም በተኛበት ሰዓት ስለሚሠራ አደጋው ይጨምራል። በላዩም ያለ ማስጠንቀቂያ በራሱ እንደሚነሣ የሚገልጽ ጽሑፍ ይለጠፍ። ዘይት ለመለወጥ ወይም ቀበቶ ለመንካት የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ማብሪያውን OFF ላይ ማድረግና የማስነሻ ባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ መንቀል አለበት፤ ኢንቨርተሩ በዚያች ደቂቃ ተነሣ ሊል ይችላል።

የርክክብ ሙከራ

ተገልጋዩ ሥራውን ከባለሙያው ሲረከብ ሙከራው በዓይኑ ፊት እንዲደረግ መጠየቅ ይችላል። ባትሪው እስኪጎድል መጠበቅ አያስፈልግም። ባትሪው 70 በመቶ ላይ ከሆነ ማስነሻው ለጊዜው ወደ 75 ከፍ ይደረጋል፤ ሪሌዩም ይዘጋል። ጄኔሬተሩ ይነሣል፤ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ያለ ጭነት ይሞቃል፤ ከዚያ ኢንቨርተሩ ይቀበለዋል፤ የመሙያው አምፔር ወደ ተሞላለት ልክ ይወጣል። በዚህ ጊዜ መሣሪያው የሚያሳየው ፍሪኩዌንሲ ይነበባል። ያለ ጭነት 52 ኸርዝ አካባቢ የነበረው በጭነት ወደ 50 ወይም በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ቢረጋ ሞተሩ አቅም አለው። ከ48 በታች ከወረደ ወይም ጥቁር ጭስ ካልተቋረጠ የመሙያው መጠን በ10 አምፔር ይቀነስና ይደገማል። ሙከራው በሥራ ሰዓት፣ የተለመዱት ዕቃዎች በርተው፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይደረግ፤ ብዙ ሞተሮች ድክመታቸውን የሚያሳዩት ከሞቁ በኋላ ነው። በመጨረሻ ማስነሻው ወደ 35 ይመለሳል። ይህ መመለስ ሲረሳ ጄኔሬተሩ በየቀኑ ይነሣል፤ የናፍጣው ወጪ ከፍ እስኪል ድረስም የሚያስተውል አይኖርም።

ከርክክብ በኋላ በራሱ የሚነሣ ጄኔሬተር ሳይነሣ የሚቀርበት የተለመደው ምክንያት የራሱ ትንሽ የማስነሻ ባትሪ መድከም ነው። በጸሐያማው ወራት ጄኔሬተሩ ለሳምንታት ሳይሠራ ሲቆም ይህ ባትሪ ቀስ በቀስ ይፈሳል፤ የሚያስፈልግበት የመጀመሪያው ዝናባማ ሌሊት ሲመጣ ሞተሪኖው ቀጭ ብሎ ይቀራል። መፍትሔው ከኢንቨርተሩ መውጫ ኃይል የሚወስድ አነስተኛ የባትሪ ጠባቂ ቻርጀር መግጠምና ጄኔሬተሩን በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ በጭነት ለሃያ ደቂቃ ማሠራት ነው። በዕለቱ የተሠራበት ሰዓት፣ የተጨመረው ናፍጣና የባትሪው መቶኛ በመዝገብ ይጻፋል። በምሳሌው ጤና ጣቢያ የሦስት ሰዓት ሥራ ባትሪውን በ45 በመቶ ከፍ ማድረግ አለበት። መዝገቡ በተመሳሳይ ሰዓት 30 ወይም 25 በመቶ ብቻ ማሳየት ከጀመረ፣ የአየር ማጣሪያው ተደፍኗል ወይም አንድ ሰው መቼቱን ነክቶታል።